ሰርቪስ፣ ምሳና የአባዬ ዓይን

በጫማ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሰው ሁሉ «ተቀናሽ» ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ስትሠራ ኖራለች፤ ወር በገባ ቁጥር ከስፌት ክፍሉ ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ መስኮቷ ላይ ይደረደርና «ይቺ ደግሞ የምን ተቀናሽ ናት?» ይላታል። እሷም ሳትቆጣ፣ ሳትሰለች፣ ይቺ የግብር፣ ይቺ የጡረታ፣ ይቺ ደግሞ ባለፈው «ሚስቴ እንዳትሰማ» ብለህ የወሰድካት ብድር እያለች ታስረዳዋለች። ሰውዬው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ስሙን ለእሷ ጥሎላት። ምን ታድርግ፣ ለመደችው።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በሠላሳ አራት ዓመቷ እንደገና ሥራ ፈላጊ የሆነችው። ፋብሪካው ለትልቅ ድርጅት ተሸጠና «ከእንግዲህ ደመወዝ የሚሠራው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ተባለ፤ ለእሷ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። መጀመሪያ ክው አለች። ከዚያ ማመልከቻዋን ያገኘችበት ሁሉ በተነችው። ዕድል ሲመጣ ተጠራርቶ ነው መሰል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ደረሳት። አንደኛው ከቧንቧ አስመጪው ነው፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ደመወዝ አርባ ሁለት ሺህ ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ የለውም። ሁለተኛው ከውኃ ማሸጊያ ፋብሪካው ነው፤ ባለቀለም አራት ገጽ ነው፤ ደመወዙ ሠላሳ አንድ ሺህ ሆኖ ከሥሩ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ የቤተሰብ የሕክምና መድን፣ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር፣ የልጆች ትምህርት ቤት ድጎማ እየተባለ ተደርድሮበታል። ሁለቱም መልስ የሚፈልጉት እስከ ሰኞ ነው።

ነገሩ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም ወርውራ ትገላገለው ነበር። ነገሩን ያከበዱት አባቷ ናቸው፤ ያውም ሳያውቁት። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ አንድ ቤት ይኖራሉ፤ የፊተኛዋ ክፍል ሱቃቸው ናት፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና ግድግዳውን ሙሉ የተሰቀለ የሰው ልብስ። ሰውየው በሰፈሩ «እጁ መድኃኒት» የተባለላቸው ሰፊ ነበሩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። በቅርቡ ለአንድ ደንበኛ የሰፉት ሱሪ ሁለቱም ኪሶቹ ተደፍነው ተሰፍተው ተገኙ። ደንበኛው ደግ ሰው ነበርና «ቁጠባ ሊያስተምሩኝ ነው» ብሎ ሳቀ፤ አባትም አብረው ሳቁ። ሰውየው ከወጣ በኋላ ግን መቀሱን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያገላበጡ ተመለከቱት፣ ተቀናሽም ከጓዳ ሆና አየቻቸው።

የዓይን ሐኪሟ የተናገረችው ግልጽ ነው። በቀዶ ሕክምና ይድናል፣ አንዱ ዓይን ሃያ አራት ሺህ። የተቀናሽ ሠርግ ደግሞ የቀረው ስድስት ወር ነው። የምታገኘው የስንብት ክፍያ ገና እጇ ሳይገባ ለሚከራዩት ቤት ቅድመ ክፍያና ለአዳራሹ አልቋል። አባቷ ግን ስለ ሕክምናው ወሬ ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። «በሠርግሽ ቀን ድምፅሽን ከሰማሁ ምን ጎደለብኝ?» ይሏታል። እሷ ደግሞ አባቷ ድምፅዋን ብቻ ሰምተው የሚድሯት ሙሽራ መሆን አትፈልግም። ሊያዩዋት ይገባል። ሁለቱን ደብዳቤዎች ስታነብ በልቧ የነበረው ይኸው ነው፣ የትኛው ነው የአባዬን ዓይን የሚያበራልኝ?

ተቀናሽ ደግሞ የሠንጠረዥ ሰው ናት፤ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ እጅ ይሰጣል ብላ ታምናለች። በማግስቱ ቢሮዋ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የደመወዛቸው ልዩነት አሥራ አንድ ሺህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አሥራ አንድ ሺህ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ እሷ እቴ! ከዚያ ላይ ግብር ሠላሳ አምስት በመቶውን ሲወስድ፣ ጡረታ ሰባት በመቶውን ሲቆነጥር፣ እጅ የሚገባው ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ብቻ እንደሆነ ጻፈች። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው ብላ በኩራት ፈገግ አለች።

ቀጥላ ወደ ጥቅማ ጥቅሙ ሄደች። ዋጋቸውን ለማወቅ የትም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የጫማ ፋብሪካውን ሰርቪስ በየወሩ የምትከፍል እሷ አይደለች? አከራዩ በአንድ ሰው ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው የሚያስከፍለው። የምሳው ነጋዴ በአንድ ሰው ሁለት ሺህ። መድን ድርጅቱ ለአንድ ቤተሰብ በወር ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ፕሮቪደንት ፈንዱ፣ ማለትም አሠሪው ለሠራተኛው የሚያጠራቅምለት፣ የደመወዙ አሥር በመቶ ስለሆነ ሦስት ሺህ አንድ መቶ። የትምህርት ቤት ድጎማው አንድ ሺህ ስድስት መቶ። አሥራ ሦስተኛው ወር ግብሩ ወጥቶለት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል አንድ ሺህ ሰባት መቶ ገደማ። ደመረችው፣ ልክ አሥራ አራት ሺህ መጣ። እንዲህ ድቡልቡል ያለ ቁጥር ሲመጣ ልቧ ቅቤ ይጠጣል። አሥራ አራት ሺህ ለስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ! የቧንቧውን ደብዳቤ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

የቀራት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። ደብዳቤው «የቤተሰብ» የሕክምና መድን ይላል። አባት ቤተሰብ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ያም ሆኖ በወሬ መተማመን ልማዷ ስላልሆነ ሐሙስ ዕለት ራሷ ወደ ውኃ ፋብሪካው ሄደች።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ከማሸጊያው አዳራሽ በመስታወት ብቻ ነው የሚለየው፤ ጠርሙሶቹ እየተንኳኩ በሰልፍ ሲያልፉ ይታያሉ። ጠረጴዛዋን የሞላው የፋብሪካው ውኃ ነው፣ ሴትዮዋ ግን የምትጠጣው ሻይ ነበር። ትሑት ሴት ናት። ጥያቄውን ሰምታ ስትጨርስ ሐዘን በተቀላቀለበት ድምፅ፣ በመመሪያው መሠረት ቤተሰብ ማለት የትዳር ጓደኛና ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው አለቻት። ተቀናሽ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ተነሳች። ኃላፊዋን አሳዘነቻት መሰለኝ፣ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ያላገባ ሠራተኛ ግን በትዳር ጓደኛ ፋንታ አንድ ወላጅ ማስመዝገብ ይችላል። እርስዎ አግብተዋል?»

«አላገባሁም» አለች ተቀናሽ፣ አፏን ሞልታ።

እውነቷን ነው፣ አላገባችም። መመሪያውን ተቀብላ፣ እጅ ነስታ፣ ደስታዋን መሸከም አቅቷት በሩ ጋ ያለውን ዘበኛ ሁለት ጊዜ ተሰናበተችው። አባዬ መድን ገቡ ማለት ሁለቱም ዓይን ታከመ ማለት ነው፤ አርባ ስምንት ሺህ! ሠንጠረዡ ላይ የት አድርጋ እንደምትጽፈው ሁሉ አሰበች። መንገዱን ተሻግራ ታክሲ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ። የደወለው እጮኛዋ ነበር፤ የጥሪ ካርድ አታሚው ቀኑን ካላረጋገጣችሁልኝ አላትምም ብሏል፣ ምን ልበለው? ይላል። ተቀናሽ ያኔ ነው ያላገባች ሴት ሆና የምትቆየው ስድስት ወር ብቻ መሆኑ ትዝ ያላት። መልሼ እደውላለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እጮኛዋ የስፖርት አስተማሪ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ ተማሪውም ጎረቤቱም «ፊሽካ» ይለዋል፤ ተቀናሽና ፊሽካ ሊጋቡ ነው ሲባል የሰማ ሁሉ በሳቅ ያልፈረሰ የለም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። ልጆቹ ኳስ እያንከባለሉ ነበር፤ እሱም ሜዳው ዳር ቆሞ አንድ ጊዜ ይነፋል አንድ ጊዜ ይቆጣል። ተቀናሽ ነገሩን ከሩቅ ጀመረችው። መድን ምን ያህል ጠቃሚ ነገር እንደሆነ አወራች። ስለ አባቷ አወራች። ስለ አየሩ ሁሉ አወራች። በመጨረሻ ሠርጉን ትንሽ ብናራዝመውስ አለችው። ትንሽ ማለት ስንት ነው ብሎ ጠየቃት። እስክመዘገብ ሁለት ሦስት ወር፣ ሁለቱም ዓይን በየተራ ታክሞ እስኪያልቅ ደግሞ አምስት ስድስት ወር እያለች በጣቷ ቆጠረችለት፤ ሲደመር ሠርጉ ወደሚቀጥለው ዓመት ዘለለ፣ ምክንያቱም አዳራሹ ከዚያ በፊት ባዶ ቀን የለውም።

አንድ ልጅ በእጁ ኳስ ነክቶ ሲያልፍ እንኳ ፊሽካ ፊሽካውን አልነፋም። ቀልደኛ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ በቀልድ ሊያመልጥ ሞከረ፣ ተጋብተን ለእነሱ ባንነግራቸውስ አለ። ተቀናሽ ዓይኗን አፈጠጠችበት። የሐሰት ቅጽ ሞልተው የተባረሩ ሰዎችን የመጨረሻ ሒሳብ በገዛ እጇ ሠርታለች፤ የከፈለላቸውን የሕክምና ወጪ መድን ድርጅቱ ሲያስመልሳቸው አይታለች። እንዲህ ያለ ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ አለችው። እሱም ቀልዱን ተወው።

«እንግዲያው እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፍቶኛል» አለ። «አራት ዓመት ጠብቄሻለሁ፣ ቀን ቆርጠን ደግሞ ተመልሼ ስጠብቅ ይከፋኛል። ለአባባ ዓይን ከሆነ ግን እጠብቃለሁ።»

ይሄን ሰው ለማግባት አምስት ሰከንድ እንኳ መቆየት እንደማትፈልግ የገባት ያኔ ነው፣ አይገርምም? እሱ ግን አንድ ነገር ጠየቃት። መመሪያውን አሳዪኝ፣ ሠርጌን ያራዘመብኝን ሰው በአካል ልተዋወቀው አለ።

እሑድ ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። አባት ከመኪናው ኋላ፣ ፊሽካ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ተቀናሽ የሠንጠረዡን ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋ። ለአባቷ የነገረቻቸው ግማሹን ብቻ ነው፤ ጥሩ ሥራ ተገኘ፣ ሕክምናህንም ይሸፍናል ብላቸዋለች። ስለ ሠርጉ ምላሷን ነክሳ ቀርታለች። ፊሽካ መመሪያውን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ እንደ ጨዋታ ሕግ ነበር የሚያነበው፣ በየአንቀጹ መጨረሻ እጁን እያነሳ። ሁለት ገጽ አንብቦ ድምፁ ቀጥ አለ። ተመልሶ ቀስ ብሎ አነበበው። ማንኛውም ሠራተኛ ለመድን የሚመዘገበው የሁለት ወር የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ነው ይላል። ከምዝገባው በፊት የነበረ ሕመም ከሆነ ደግሞ የሚሸፈነው ከተመዘገበ አሥራ ሁለት ወር ሲሞላው ነው።

ተቀናሽ ራሷን ያዘች። ሁለትና አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ወር። የሕክምናው ጊዜ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ዓመት ይገባል። ይህን የመቆያ ጊዜ የሚሉትን ነገር ለስንቱ ሠራተኛ በመስኮቷ አስረድታለች! የሌላውን ሰው መመሪያ በአጉሊ መነጽር የምታነብ ሴት የራሷን ደብዳቤ ስታነብ ባለቀለሙ ገጽ ላይ ቀረች። እንዲህም ይኖራል።

«ሠርጉ ምን አገናኘው?» አሉ አባት። ፊሽካ «ታዲያ ሠርጉን ሁለት ዓመት ልናራዝም ነው?» ብሎ በድንገት አምልጦት ነበር።

እንግዲህ የተደበቀው ወጣ። ተቀናሽ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባት መጀመሪያ ሜትሩን ከአንገታቸው አወጡ፣ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት። የሚቆጡ ሰው አይደሉም፤ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አሁን እንኳን እሷ፣ መኪናውም የሰማቸው አይመስልም።

«በእኔ ዓይን ምክንያት አንቺ ሳትዳሪ ከቀረሽ፣ ዓይኔ ቢበራ ምን ላይበት ነው?»

ተቀናሽ እንባዋ መጣ፤ ፊሽካም ወደ መስኮቱ ዞሮ ምንም በሌለበት መንገድ ላይ የሆነ ነገር አየ። ማልቀሱን ተይውና ያንን የምታቅፊውን ወረቀት አንብቢልኝ አሏት አባት። ተቀናሽ አፍንጫዋን ጠርጋ አነበበችላቸው። ቁጥር ስታነብ መቼም ድምፅዋ ይስተካከላል። ሰርቪስ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስትል አስቆሟት።

ሰርቪሱ እዚህ ሰፈር ይመጣል ወይ ሲሉ ጠየቁ። አይመጣም፣ ከትልቁ አደባባይ ነው የሚዞረው፣ እስከዚያ በታክሲ ነው የምሄደው አለች። እንግዲያው ምን ያህል ያድንልሻል አሉ። ተቀናሽ አስባ በወር ስድስት መቶ አለች። ምሳውስ? እሷ ምሳ ከቤት ነው የምትወስደው፤ ብትተወው የምትቆጥበው ስምንት መቶ ቢሆን ነው። ትምህርት ቤቱስ? ልጅ የለኝማ አለች፣ ፊሽካን በጎን እያየች፤ እሱም እየተሠራበት ነው፣ ሠርጉን ካላራዘማችሁብኝ አለ። መድኑስ? ፊሽካ እጁን አነሳ፤ የእሱ ትምህርት ቤት ለሚስት መድን አለው፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለት ቦታ መመዝገብ ምን ይሠራላታል?

«ታዲያ ይሄን ሁለት ሺህ አራት መቶ ከየት አመጣሽው?» አሉ አባት።

«ድርጅቱ የሚከፍለው ነው፣ አባዬ።»

«እሱንማ ድርጅቱ ይጻፈው። ሰው ውድ ጨርቅ ይዞልኝ ሲመጣ ስንት ገዛኸው ብዬ አላውቅም። ትከሻህ ላይ ልየው ነው የምለው።»

ተቀናሽ ኩም አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው ከመስኮቱ ወዲህ፣ ከፋይ ጎን ነው። ለአንድ ሠራተኛ ድርጅቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ ተኝታም ታውቀዋለች። ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመው ሰው እጁ ላይ ምን እንደሚገባለት ግን አስባው አታውቅም፤ የራሷንም ሠንጠረዥ የሠራችው በዚያው በለመደችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ለማይመጣላት ሰርቪስ፣ ላልወለደችው ልጅ፣ ለማትታከምበት መድን ዋጋ ተምናላቸዋለች። አፈረች፤ ግን ደግሞ ሳቅ አፈናት። በስንቱ የሳቅኩት እኔ! አለች።

ወረቀቷን ገለበጠችና በአባቷ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የአንድ ደንበኛ ጥቁር የኮት ጨርቅ ላይ መጻፍ ጀመረች። አባት «እኔ አላይም፣ ጮክ ብለሽ ጻፊ» አሏት፤ እሷም እየጮኸች ጻፈች። ዛሬ እጅ የሚገባው የሰርቪሱ ስድስት መቶና የምሳው ስምንት መቶ ነው፣ አንድ ሺህ አራት መቶ። አሥራ ሦስተኛው ወር ዓመት ከሞላት በኋላ ይመጣል። ፕሮቪደንት ፈንዱ ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ብትወጣ የአሠሪው ድርሻ ውኃ በላው ማለት ነው። ሁለቱንም «ኋላ» ብላ ለብቻቸው በታች ጻፈቻቸው። ሲደመሩም እንኳ፣ ሁሉም ነገር በሰላም ቢሞላ፣ ጠቅላላው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ነው። የቧንቧው ብልጫ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ፣ ጥሬ ገንዘብ።

ፊሽካ ዳኛ ነውና ለተሸናፊው ወገን መናገር ልማዱ ነው። ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት ቢኖረን፣ ቤታችን አደባባዩ ጋ ቢሆን፣ እኔም መድን ባይኖረኝ ይሄኛው በስንት ጣዕሙ ያሸንፍ ነበር አለ። እውነቱን ነው። አባትም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልብሱ ጥሩ ልብስ ነው፣ የሌላ ሰው ልክ ሆኖ ነው እንጂ አሉ።

ተቀናሽ አልሰማቻቸውም፤ ጠመኔዋን ይዛ ከጨርቁ ላይ አጎንብሳለች። ከስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያው ላይ አንድ ሺህ አራት መቶው ሲቀነስ በየወሩ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ትርፍ ይቀራታል። በሚቀጥለው ወር ከጀመረች ከሠርጉ በፊት አምስት ደመወዝ ትቀበላለች። አምስት ጊዜ፣ ሃያ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ለአንድ ዓይን ይበቃል» አለች።

አባት ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ። ፊሽካ ግን ፊሽካውን አንስቶ ሱቁ ውስጥ ነፋው፤ አባት ደነገጡና ዝም አሉ። ሁለተኛውን ከሠርጉ በኋላ በሚመጡት አምስት ወራት ታሳክማለህ፣ ጨዋታው አልቋል አለቻቸው ልጃቸው። የደንበኛው ጥቁር ጨርቅ ላይ የተጻፈውን ለማራገፍ ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ እስካሁንም ኮቱ ውስጥ የሆነ ቦታ ሰባት ቁጥር አለች ይባላል።

ሰኞ ጠዋት ተቀናሽ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ደውላ አመሰገነቻት፣ ይቅርታም ጠየቀቻት። ከዚያ የቧንቧውን ደብዳቤ ከመሳቢያዋ አውጥታ፣ በመዳፏ አስተካክላ፣ ወደ አስመጪው መጋዘን ሄደች። ሰውየው ቧንቧ መሐል ተቀምጦ በስልክ የሚጨቃጨቅ ወፍራም ሰው ነው። ብዕር ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። በውኃ ፋብሪካው መመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ልትቸገር ነበርና፣ በሙከራ ጊዜም ቢሆን የሚከፈለኝ ሙሉው አርባ ሁለት ሺህ መሆኑ ይጻፍልኝ አለችው፤ ከጫማ ፋብሪካው እንደምታውቀው በሙከራ ጊዜ ግማሽ የሚከፍል ብዙ ነው። አስመጪው ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ገና ሳትቀጠሪ ደመወዝ መሥራት ጀመርሽ እንዴ ብሎ ሳቀ፣ ጻፈላትም። እሷም ፈረመች።

አምስቱ ወራት እንደ ወራት አለፉ። ተቀናሽ አዲሱ መሥሪያ ቤት መድን የለውምና ጉንፋን እንኳ እንዳይዛት እየፈራች፣ ምሳዋን በሳህን ቋጥራ፣ በሁለት ታክሲ እየተመላለሰች፣ በየወሩ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያዋን ሳታጓድል ለየች። አንዴ ብቻ፣ የሙሽራ ጫማ መስኮት ላይ አይታ፣ እጇ ሊዘረጋ ነበር፤ ምራቋን ዋጥ አድርጋ አለፈችው። አምስተኛውን ደመወዝ በተቀበለች በማግስቱ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አባቷን ይዛ ዓይን ክሊኒኩ ሄደች።

ሐኪሟ መብራቷን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያበራች መረመረቻቸው። አባት የሠርግ ልብሳቸውን ነበር የለበሱት፤ ለሐኪም በክብር ነው የሚቀረበው ብለው። ተቀናሽ በግራቸው በኩል ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭና ትጠብቃለች። ሐኪሟ ሁለቱም ዓይኖች እኩል ደረጃ ላይ ናቸው፣ ለኔ ልዩነት የለውም፣ በየትኛው ብንጀምር ይወዳሉ ስትል ጠየቀች።

«በቀኙ» አሉ አባት፣ ሳያስቡ።

ቀኙ የበለጠ ያስቸግርዎታል ወይ አለች ሐኪሟ፣ ቅጹ ላይ ልትጽፍ ብዕሯን አንስታ።

«አይ፣ እኩል ናቸው። በሠርጉ ቀን ክንዴን ይዛ የምትሄደው በቀኜ በኩል ስለሆነ ነው።»

ተቀናሽ ተነሳች፣ የአባቷን ወንበር ዞረችና በቀኛቸው በኩል ተቀመጠች።